አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ

ሬሕማ እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ድረስ የሮጠችው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ብቻ ነበር። ያኔም ቢሆን ከተሳፈረች በኋላ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ለረዳቱ ሒሳብ መስጠት ይሳናት ነበር። ካርቱም በቆየችባቸው ዓመታት ጉልበቷ የለመደው ሌላ ሥራ ነው፤ ተንበርክኮ ወለል መወልወል፣ ባልዲ ይዞ ደረጃ መውጣት፣ ከባድ ምንጣፍ ጣራ ላይ ዘርግቶ አቧራውን ማራገፍ። ጠንካራ ሴት ናት። ከወሎ መተማን አቋርጣ ስትመጣ የያዘችው ጥንካሬ አልከዳትም። ግን ጥንካሬና ሩጫ አንድ አይደሉም፤ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ጀብራ በሚባለው ሰፈር ያሉት አሠሪዎቿ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ባሕረ ሰላጤው ሊሄዱ ተነሡ። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የወጣው በእነሱ ስም ነው። እነሱ ሲሄዱ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ፖሊስ ለከሻ በወጣ ቁጥር፣ መንገድ ዘግቶ የውጭ ሰው መሰብሰብ በጀመረ ቁጥር፣ ከቤት መውጣት አይችልም። የጎረቤቷ ልጅ አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ ወጥታ በዚያው በጭነት መኪና ወደ ድንበር ተወስዳለች። ሬሕማ የልጅቷን ነጠላ ጫማ በራፏ ላይ አይታዋለች፤ ዳቦ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ባዶ እግሯን ነበር የወጣችው።

በዚያው ሰሞን አንድ የጥበቃ ድርጅት ሴት ፈታሾች እንደሚፈልግ ተሰማ። ሥራው የውጭ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ቆሞ የሴቶችን ቦርሳ መፈተሽ ነው። ድርጅቱ ለቀጠረው ሰው በራሱ ስም ኢቃማ ያወጣል። ዓረብኛዋ ጥሩ ስለሆነ ቃለ መጠይቁን በቀላሉ አለፈች። የቀረው አንድ ፈተና ነበር፤ አምስት ኪሎ ሜትር በአርባ አምስት ደቂቃ። መሮጥም መራመድም ይፈቀዳል፤ ሰዓቱን ያሳለፈ ግን ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ መመዝገብ አይችልም። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል።

ዴም ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል አብራት የምትጋራው ጀሚላ ወሬውን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስጨንቅሻል? ሐበሻ ነሽ እኮ! ቴሌቪዥን ላይ የሚሮጡት እህቶችሽ አይደሉም?»

«እነሱ ሲሮጡ እኔ የሰው ሳሎን ስጠርግ ነበር።»

«እንግዲያው ጋሽ ሚኪያስ ጋ ሂጂ። ዕድሜውን ሙሉ ሯጭ ነበርኩ ሲል ነው የኖረው፤ ዛሬ ያሳየን።»

ሚኪያስ ዴም ገበያ ጀርባ ረክሻ፣ ባለሦስት እግሩን ባጃጅ፣ ይጠግናል። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክለብ አሥር ሺህ ሜትር ሮጧል፤ ስሙ ጋዜጣ ላይ የወጣ አይደለም፣ ግን ሐሰትም አይደለም። የተረከዙ ጅማት ሲበጠስ ሩጫውን ትቶ ተሰደደ። አሁን ሃምሳ ዓመቱን ተሻግሯል፤ ሆድ አውጥቷል፤ ሰው ሲሮጥ ሲያይ ግን መፍቻውን አስቀምጦ የእግር አጣጣሉን ይከታተላል።

ሬሕማን በማግሥቱ ንጋት ላይ አረንጓዴው አደባባይ ወሰዳት። ሱዳናውያን ስኳራቸውን ለማውረድ በማለዳ የሚዞሩበት ሰፊ ሜዳ ነው። ሚኪያስ በሜዳው ዙሪያ ብስክሌት እየገፋ፣ የጎማውን ዙር እየቆጠረ፣ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ለክቶ መነሻውን በኖራ አሰመረ። ሬሕማ ከሱሪዋ ላይ ረጅም ቀሚስ ደርባለች፤ በሱሪ ብቻ ወጥታ የሴት አለባበስ ከሚቆጣጠረው የሥርዓት ፖሊስ ጋር መጋጨት አልፈለገችም።

«ያላ፣ ሩጪ» አላት።

ሮጠች። አንድ ደቂቃ ያህል ጥሩ ነበረች፤ ሁለተኛው ላይ ፊቷ ጠቆረ፤ ሦስተኛውን ሳትጨርስ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ያዘች።

ሚኪያስ አልተቆጣም። «እያረፍሽ ነው የምትሮጪው» አላት። «ሮጥ ትያለሽ፣ ከዚያ ትራመጃለሽ፣ ከዚያ ደግሞ ትሮጫለሽ። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ዋናው ነገር ስንት ሮጠሽ ስንት እንደምትራመጂ ልኩን ማግኘት ነው።»

በዚያ ሳምንት የሩጫዋንም የእርምጃዋንም ፍጥነት ለካ። ሳትጨነቅ በምትሮጥበት ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይፈጅባታል። ስትራመድ ደግሞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተኩል። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በሲሚንቶው ወለል ላይ በኖራ ጻፈ።

«አንድ ደቂቃ ሮጠሽ አንድ ደቂቃ ብትራመጂ፣ የሁለቱ አማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ አምስት ይመጣል። በአምስት ሲባዛ አርባ ስምንት ደቂቃ ገደማ። ወደቅሽ።» በእጁ አጠፋው። «ሁለት ሮጠሽ አንድ ብትራመጂ ግን ወደ አርባ ሦስት ደቂቃ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ለአንድ። ሌላ መንገድ የለም።»

ሬሕማ ሒሳቡን አልተከራከረችም። ሯጩ እሱ ነው። በየደቂቃው ጢጥ የምትል የፕላስቲክ ሰዓት ሰጣት፤ ሁለት ጢጥ ሩጫ፣ አንድ ጢጥ እርምጃ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጀብራ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ጥቂት ዙር እየጨመሩ ሄዱ።

መጀመሪያው ደቂቃ ሁልጊዜ ይቀላት ነበር። ሁለተኛው ላይ የሆነ ነገር ይጨመድዳታል። የእርምጃዋ ደቂቃ ትንፋሿን ሳይመልስላት ያልቃል፤ ቀጣዩን ሩጫ የምትጀምረው ካለፈው የቀረውን ድካም ተሸክማ ነው። ይህን ለሚኪያስ ስትነግረው «ለምደሽ ያልፍልሻል» ይላታል። አላለፈላትም።

ፈተናው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ንጋት፣ አምስቱን ኪሎ ሜትር ሙሉውን ሞከሩት። ሚኪያስ ኖራው መስመር ላይ ቆመ። ሦስተኛውን ዙር ስታልፍ ሃያ አራት ደቂቃ አልሞላም። አራተኛው ላይ እግሯ እምቢ አላት። ሰዓቷ ጢጥ ስትል ለመሮጥ ሞከረች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንደረደረችና ቆመች። የቀረውን ሁሉ እየተራመደች፣ የመጨረሻውን ዙር ደግሞ ጎኗን ይዛ ጨረሰችው። አርባ ስምንት ደቂቃ ተኩል።

«ቸኮልሽ!» ሚኪያስ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስኳር ለማውረድ የሚዞሩት ሽማግሌዎች ዘወር ብለው አዩ። «በእኔ ስሌት ሦስተኛውን ዙር በሃያ ስድስት ደቂቃ ነበር የምታልፊው። ሁለት ደቂቃ ቀድመሽ መጣሽ። አቃጠልሽው! ፍጥነትሽን ጠብቂ ብዬሽ አልነበረም?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው የሮጥኩት። ወላሂ አልፈጠንኩም።»

«ሰዓቱ ይዋሻል?»

የሬሕማ ቀሚስ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። በልቧ የነበረው የዚያች የጎረቤቷ ልጅ ነጠላ ጫማ ነው።

ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ለሚኪያስ ሳትነግረው ብቻዋን ወደ ሜዳው ሄደች። ሰውነቷ ደክሟል፤ ሁለት ለአንዱን ማሰብ እንኳ አስጠላት። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች፤ አንድ ጢጥ ሩጫ፣ አንድ ጢጥ እርምጃ። የሩጫው ደቂቃ ልክ ሊከብዳት ሲል ያልቃል። የእርምጃው ደቂቃ ሲያልቅ ትንፋሿ ተመልሶ ነበር። ሁለት ዙር ጨርሳ ሰዓቷን ስታይ አሥራ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ምናምን ሰከንድ ይላል።

በሚኪያስ ሒሳብ ሁለት ኪሎ ሜትር አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ማለፍ ነበረበት።

ዙር የዘለለች መሰላት። በማግሥቱ ደገመችው። ከጥቂት ሰከንድ በቀር ያው ነው።

ሱቁ ስትገባ ሚኪያስ ከአንድ ረክሻ ሥር ተኝቶ ነበር።

«ጋሽ ሚኪያስ፣ አንድ ለአንድ ሮጥኩ።»

«አንድ ለአንድ አይሆንም ብያለሁ» አለ ከሥር።

«ሁለቱን ዙር በአሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል ጨረስኩ። አንቱ አሥራ ዘጠኝ ነው ያሉት። ዓርብ ዕለትም ቀድሜ ነው የመጣሁት። ወይ ሜዳው አጥሯል፣ ወይ ሰዓቱ ተበላሽቷል፣ ወይ ደግሞ…»

«ወይ ደግሞ ምን?»

«እኔ እንጃ። አንቱ ይንገሩኝ።»

ሚኪያስ ከረክሻው ሥር ወጣ። ግንባሩ ላይ ግራሶ አለ። ሜዳውን እሱ ራሱ ነው የለካው፤ ሰዓቱንም ከራሱ ሰዓት ጋር አስተያይቶታል። ኖራውን አንሥቶ ያንኑ አማካይ ደግሞ ጻፈው። ያው ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ አምስት።

«በአንድ ደቂቃ ሩጫ የት ትደርሻለሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ ይመስል። «ኪሎ ሜትሩ ስድስት ከአርባ ከሆነ… መቶ ሃምሳ ሜትር። በአንድ ደቂቃ እርምጃስ? ሰማንያ ሜትር።» ጻፈ። «በሁለት ደቂቃ ሁለት መቶ ሠላሳ ሜትር። አምስት ሺህ ሜትር ውስጥ ሁለት መቶ ሠላሳ ስንት ጊዜ አለ? ሃያ ሁለት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ…»

ኖራው ቆመ።

«አርባ ሦስት ደቂቃ ተኩል» አለ። «ኪሎ ሜትሩ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሁለት።»

ሬሕማ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። «ያኛውስ? አርባ ስምንቱስ?»

«ያኛው ግማሹን መንገድ ሮጠሽ ግማሹን መንገድ ብትራመጂ ነው። አንቺ ግን የምታካፍይው መንገዱን አይደለም፣ ጊዜውን ነው። በሩጫው ደቂቃ ብዙ መንገድ ትበያለሽ፣ በእርምጃው ደቂቃ ጥቂት። እኔ ሁለቱን እኩል አድርጌ ቆጠርኩት።» መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኛ ክለብ ውስጥ ስንሠለጥን መራመድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሙሉውን ነው የምንሮጠው፤ በኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ ብቻ ነው የምናውቀው። አማካይ አስልቼ አላውቅም።»

«ስለዚህ አልቸኮልኩም።»

«አልቸኮልሽም።» ቀና ብሎ አያት። «የጮህኩብሽ በከንቱ ነው።»

ሬሕማ ይህን ሰምታ ልትደሰት በተገባ። ግን ፈተናው አምስት ቀን ነው የቀረው፤ አንድ ለአንድን ደግሞ ከሁለት ዙር በላይ ሞክራው አታውቅም። ሚኪያስ መሃል ላይ ያለውን አሰበ። አንድ ተኩል ሮጣ አንድ ብትራመድ ወደ አርባ አንድ ደቂቃ ይወርዳል፤ የአራት ደቂቃ ትርፍ ይኖራታል። በአንድ ለአንድ ግን የሚተርፋት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው።

«ደቂቃ ተኩል ምንም አይደለም» አላት። «አንዴ ብትደናቀፊ አለቀ።»

«አንድ ተኩሉ ሲያቃጥለኝስ? ዓርብ ዕለት እንዴት እንደሆንኩ አይተውኛል። የምጨርሰውን ነው የምመርጠው፣ ጋሽ ሚኪያስ።»

አልተከራከራትም። እስከ ፈተናው ድረስ እንድታርፍ ብቻ ነገራት።

ፈተናው በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ነበር፤ በአጥር የተከበበ፣ አራት መቶ ሜትር የሚዞር የአፈር ሜዳ። ሚኪያስን ዘበኛው ከበር መለሰው። ከአሥራ አምስት የማይበልጡ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አብዛኞቹ ሱዳናውያን ወጣቶች፣ ሁለት ኤርትራውያን፣ አንዲት ጉራጌ። ሰዓት የያዘው ሙሄዲን የሚባል ጡረታ የወጣ ሱዳናዊ የሃምሳ አለቃ ነው፤ ጢሙን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፊሽካውን በአንገቱ አንጠልጥሏል።

ስም ሲጠራ ሬሕማ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ሐበሺያ! ዛሬ አንቺን ማን ይደርስብሻል?»

ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ተፈተለኩ። ሬሕማ በራሷ ፍጥነት ሮጠች፤ ሰዓቷ ጢጥ ስትል የመጀመሪያውን ዙር ግማሽ እንኳ አልሄደችም። ተራመደች።

ከሜዳው ዳር ሳቅ ፈነዳ። ሙሄዲን እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ «ያ ሐበሺያ! ከአሁኑ? የቀብር ሥነ ሥርዓት ነው እንዴ?»

ቀድመዋት የሄዱት ዙሩን ጨርሰው ከኋላዋ መጡና አለፏት። አንዷ ሱዳናዊት እያለፈች «ይቅናሽ እናቴ» አለቻት፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ግን እናቴ መባሉ ወጋት። ጢጥ። ሮጠች። ጢጥ። ተራመደች። በጭንቅላቷ የያዘችው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ሁለት መቶ ሠላሳ። ከዙሩ ግማሽ ትንሽ ያልፋል። ይህ ከሆነላት የሰው ሳቅ ሜዳውን አያረዝመውም።

አምስተኛው ዙር ላይ ሙሄዲን ደግሞ ጮኸ። «ሐበሾች ሲራመዱ ዛሬ ነው ያየሁት! አገርሽ ይህን ቢያይ ምን ይላል?» የዳሩ ሰዎች በሙሉ ሳቁ። ሰዓቷ ጢጥ አለች፤ የእርምጃ ተራ ነበር። አልተራመደችም። ፊቷን አጥብቃ ያንን ደቂቃ ሮጠችው፤ ቀጥሎም የሩጫ ተራ ስለሆነ ያንንም ሮጠች። ሦስት ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ። አንዷን ልጅ አለፈቻት፤ ጭብጨባም ሰማች።

ከዚያ ያ የምታውቀው ነገር መጣ። ጎኗን ጨመደዳት፤ ሜዳው ከግራ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ተራመደች። ጢጥ ሲል መሮጥ አልቻለችም። ሌላ የሩጫ ጢጥ። አሁንም አልቻለችም። የዓርቡ ንጋት ትዝ አላት፤ አራተኛው ዙር፣ እምቢ ያለው እግር። ደቂቃ ተኩሉ ትርፍ ከእጇ እየፈሰሰ መሆኑን እያወቀች ተራመደች፤ አልቸኮለችም፤ ትንፋሿ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ጠበቀች። ሙሄዲን ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ጢጥ። ሮጠች፤ መጀመሪያ እየተንገዳገደች፣ ከዚያ እንደ ራሷ። ጢጥ። ተራመደች። ከዚህ በኋላ የዳሩን ሰው ቀና ብላ አላየችም።

ከዘጠነኛው ዙር በኋላ ሜዳው ተለወጠ። መጀመሪያ የተፈተለኩት አንዳንዶቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይራመዱ ጀመር። «ይቅናሽ እናቴ» ያለቻት ልጅ ሜዳው ዳር ተቀምጣ ታስመልሳለች። ሬሕማ አጠገቧ ስትደርስ የእርምጃ ተራዋ ነበር። «ተነሺ፣ ተራመጂ ብቻ» አለቻት፤ ከዚያ ጢጥ አለና ትታት ሮጠች።

የመጨረሻው ግማሽ ዙር ላይ ሰዓቷ ለእርምጃ ጢጥ አለች። ሙሄዲን መስመሩ ላይ ቆሞ «ያላ! ያላ!» ይላል፤ አሁን አይሳለቅም፤ ድምፁ ተለውጧል። ሬሕማ ተራመደች። ሰዎቹ አብረው ጮኹባት፤ ሩጪ፣ አንድ ደቂቃ ነው የቀረሽ። አልሮጠችም። ጢጥ ሲል ግን እስከ መስመሩ ድረስ አላቆመችም።

ሙሄዲን ሰዓቱን አየ። «አርባ አራት ከአሥራ ሁለት» አለና ከስሟ ፊት ምልክት አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ «ግማሹን ተራምደሽ» አለ፤ ቅሬታ ይሁን ግርምት አልለየላትም።

«ግማሹን ሰዓት» አለች ሬሕማ። «ግማሹን መንገድ ግን አይደለም።»

አልገባውም፤ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ሚኪያስ ከበሩ ውጭ ከዘበኛው ጋር ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ ሻይ ሲጠጣ ነበር። ስትወጣ ብድግ አለ፤ ፊቷን አይቶ አልፋ እንደሆነ አልጠየቃትም።

«ስንት?»

«አርባ አራት ከአሥራ ሁለት።»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰላ። «አርባ ሦስት ተኩል ነበር የሚሆነው። አርባ ምናምኑን ሰከንድ የት ጣልሽው?»

«ሲስቁብኝ አንድ የእርምጃ ደቂቃ ዘለልኩ፤ ከዚያ ደከመኝ።»

ሚኪያስ የሻይ ብርጭቆውን ለዘበኛው መልሶ ራቅ ብሎ ወዳቆመው ረክሻ እየመራት ሄደ። «ምን ብለው ሳቁ?» አላት መንገድ ላይ።

«ሐበሻ ሲራመድ አይተን አናውቅም ብለው።»

«እኔም እኮ እስከዛሬ አላየሁም ነበር» አለ፤ ከዚያ ተረከዙን እያነከሰ ቀስ ብሎ ተራመደ፣ እሷም አጠገቡ።